«ወደብ ላይ ነው» መልስ አይደለም

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አይደለም የማቀርበው። ዋጋውን ከሚወስኑት ነገሮች ውስጥ ማንም በሰንጠረዥ የማያስገባውን አንዱን ነው የምጽፈው። ጂቡቲ ላይ የቆመ ኮንቴይነር አለን እንበል። ትራንዚተሩን ምን ብለን ነው የምንጠይቀው? መልሱንስ ምን ያህል እናምናለን?

እዚህ ልደታ ከሰዓት በኋላ አንድ የላኪ ቢሮ ገብታችሁ ብትቀመጡ ይህን ንግግር ሳትሰሙ አትወጡም።

«የእኛ ነገርስ?»
«ወደብ ላይ ነው፣ ችግር የለም።»
«መቼ ይጫናል?»
«በዚህ ሳምንት። አይጨነቁ።»

ስልኩ ይዘጋል። ላኪው ለደላላው «ወደብ ላይ ነው» ይለዋል፣ ደላላው ለአቅራቢው ይደውልና ያንኑ ይደግማል። አቅራቢው ሀዋሳ ወይም ዲላ ሆኖ ገንዘቡን ይጠብቃል። አራት ሰዎች አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀባበሉ፣ አንዳቸውም ግን ቡናው የት እንዳለ አያውቁም። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ «ወደብ ላይ ነው» የሚለውን ቃል እንደ መልስ መቀበል ማቆም አለብን። በተለይ እኛ ደላሎች።

ምክንያቱን ላስረዳ።

ቡና ለመላክ የታሸገ ኮንቴይነር ከአዲስ አበባ ወጥቶ መርከብ ላይ እስኪወጣ ድረስ ሰዎች «ወደብ ላይ ነው» የሚሉባቸው አራት የተለያዩ ቦታዎች አሉ። ችግራቸውም መፍትሔያቸውም አይመሳሰልም።

የመጀመሪያው፣ መኪናው ጋላፊን አልፎ ጂቡቲ ገብቷል፣ ግን የተርሚናሉን በር አላለፈም። ፒኬ 12 አካባቢ ከሌሎች ተሳቢዎች ጋር ተራ ይጠብቃል። ይህ ኮንቴይነር ለመርከቡ ድርጅት ገና «አልደረሰም»። ሹፌሩ «ደርሻለሁ» ቢል አልዋሸም፣ አገሩ ደርሷል። ወደቡ ግን አያውቀውም።

ሁለተኛው፣ በሩን አልፎ ገብቷል፣ ግን አንድ ሰነድ ወይም አንድ መረጃ ጎድሎታል። የክብደት ማረጋገጫው አልተላከም፣ ወይም ለቢል ኦፍ ሌዲንግ ማዘጋጃ የሚሆነው የጭነት መግለጫ አልደረሰም፣ ወይም የፕሎምፑ ቁጥር በዲክላራሲዮኑ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ኮንቴይነሩ በአካል አለ፣ በወረቀት ግን የለም። እንዲህ ያለውን መርከቡ ትቶት ይሄዳል።

ሦስተኛው፣ በሩን አልፏል፣ ሰነዱም ሞልቷል፣ መርከቡ ግን ቦታ የለውም፣ ዘግይቷል ወይም ጂቡቲን ዘልሎ አልፏል። የመርከብ ድርጅቱ ጭነቱን ወደሚቀጥለው መርከብ ገፍቶታል። በሙያው አነጋገር ኮንቴይነሩ «ሮል» ተደርጓል።

አራተኛው፣ ተጭኗል። መርከቡ ወጥቷል፣ ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ብቻ ነው ያልተሰጠው። ይህ እንኳን «ወደብ ላይ ነው» ይባላል፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ያለው ትራንዚተር ወረቀቱን በእጁ ካልያዘ ጭነቱ ሄዷል ብሎ መናገር አይደፍርም።

እነዚህ አራቱ ለገንዘባችሁ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚፈታው በሹፌሩና በጂቡቲ ወኪሉ ነው። ሁለተኛው አንድ ወረቀት በመላክ በአንድ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፣ ካልተጠየቀ ደግሞ አንድ ሳምንት ይበላል። ሦስተኛው ከእኛ እጅ ውጪ ነው፣ ሆኖም ከገዢው ጋር ወዲያው መነጋገር ያስፈልገዋል። አራተኛው ላይ መጨነቅ ራሱ ትርፍ ነው። ታዲያ የትኛው መሆኑን ሳናውቅ ምን ልናደርግ እንችላለን?

አሁን ነገሩን በአንድ ጉዳይ እንየው። በዚህ ዓመት በቅርብ የተከታተልኩት ነው፣ የማንንም ስም አላነሳም።

አንዲት ላኪ አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የታጠበ ሲዳማ ሸጠዋል። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ ባጠቃላይ 19.2 ቶን። ዋጋው በቁርጥ የተዋዋሉት ነው፣ ሽያጩ ኤፍኦቢ ጂቡቲ፣ የመጫኛ ጊዜው የፈረንጆቹ አፕሪል። ቡናው አዲስ አበባ ኮንቴይነር ውስጥ ተጭኖ፣ በምድር ሚዛን ተመዝኖ፣ ፕሎምፕ ተደርጎ መንገድ ጀመረ። የመርከቡ መነሻ ቀን አፕሪል 24 ነበር። የበር መዝጊያው፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ተርሚናል ገብቶ መረጃውም ተሟልቶ መቅረብ ያለበት የመጨረሻ ሰዓት፣ አፕሪል 22 እኩለ ቀን።

አፕሪል 25 ላኪዋ ሲደውሉ የተሰጣቸው መልስ የለመድነው ነው። «ወደብ ላይ ነው፣ በሚቀጥለው መርከብ ይሄዳል፣ እትዬ አያስቡ።» እሳቸውም ለማመስገን ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያኔ ቢሮው ውስጥ ከእሳቸው ጋር ነበርኩና «ይህቺን መልእክት ይላኩለት» ብዬ አምስት ጥያቄ ጻፍኩላቸው። መልእክቱ ይኸው፣ ለራሳችሁ ቅዱት።

«ወንድሜ፣ ስለ ኮንቴይነራችን በጽሑፍ እንድትነግረኝ ነው።
አንደኛ፣ የኮንቴይነር ቁጥሩና የቡኪንግ ቁጥሩ።
ሁለተኛ፣ በተርሚናሉ በር የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የበር ወረቀቱ ፎቶ ካለ ጨምረህ።
ሦስተኛ፣ የክብደት ማረጋገጫውና የጭነት መግለጫው ለመርከብ ድርጅቱ የተላኩበት ቀንና ሰዓት።
አራተኛ፣ አሁን ያለበት ቡኪንግ የየትኛው መርከብ ነው፣ መርከቡ መቼ ይነሳል፣ መረጃ መቀበያውስ መቼ ይዘጋል።
አምስተኛ፣ አሁን የሚጠበቀው ከማን ነው፣ ከእኔ፣ ከአንተ፣ ከጂቡቲ ወኪልህ ወይስ ከመርከብ ድርጅቱ?»

ልብ በሉ፣ ከአምስቱ አንዱም «መቼ ይደርሳል?» አይልም። «መቼ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ተስፋ ነው። «በስንት ሰዓት ገባ?» ብትሉ ግን ወይ ቁጥር ይመጣል ወይ ዝምታ። ዝምታውም ቢሆን ይናገራል። በር የገባበትን ሰዓት ሊነግራችሁ የማይችል ሰው ምናልባት ኮንቴይነሩ ገና ፒኬ 12 ነው።

አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። አዲስ አበባ ያለው ትራንዚተር ወደቡን አያየውም። ጂቡቲ ወኪል አለው፣ ወኪሉ ወደ መርከቡ ድርጅት ቢሮ ይደውላል፣ ያ ቢሮ ደግሞ የተርሚናሉን መዝገብ ያያል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁሉም የሚቀጥለውን ሰው ይጠብቃል። «ነገሩ ማን እጅ ላይ ነው?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ፣ እናንተ ራሳችሁ የምትጠበቁት ሰዎች ብትሆኑም አታውቁትም።

የእሳቸው ጉዳይ እንደዚያ ነበር። በማግስቱ አፕሪል 26 መልሱ መጣ። ኮንቴይነሩ በሩን ያለፈው አፕሪል 21 ማታ ነው። ከመዝጊያው በፊት፣ በጥሩ ጊዜ። የክብደት ማረጋገጫው ግን የተላከው አፕሪል 23 ነው፣ መዝጊያው ካለፈ ከአንድ ቀን በኋላ። ለምን ቢባል፣ የምድር ሚዛኑ ወረቀት ከሹፌሩ ጋር ነው የሄደው። ሹፌሩ ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞሯል፣ የጠየቀው የለም። ወኪሉ «አዲስ አበባ ይልካል» ብሎ ጠበቀ፣ አዲስ አበባ ያለው «ወኪሉ ከሹፌሩ ይቀበላል» ብሎ ጠበቀ። አንዲት ብጣሽ ወረቀት 19.2 ቶን ቡና አስቀረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላብራራ፣ ብዙ ላኪ ይህን ወረቀት የፎርማሊቲ ጉዳይ ያደርገዋልና። ከፈረንጆቹ ጁላይ 2016 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት መሠረት የተረጋገጠ ክብደት የሌለው የታሸገ ኮንቴይነር መርከብ ላይ አይጫንም። ክብደቱን የማሳወቅ ግዴታም የላኪው ነው እንጂ የመኪናው ወይም የወደቡ አይደለም። የሚረጋገጠው በሁለት መንገድ ነው፦ ወይ ሙሉውን ኮንቴይነር መዝኖ፣ ወይ በውስጡ ያለውን ሁሉ መዝኖ በኮንቴይነሩ በር ላይ የተጻፈውን የባዶ ክብደት በመደመር። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ቁጥሩ ከመዝጊያው በፊት የመርከብ ድርጅቱ ሲስተም ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ የሚዛኑን ወረቀት ሹፌሩ ሳይነሳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ምንም ወጪ የለውም።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። በመልሱ መሠረት ኮንቴይነሩ አሁን የተያዘለት መርከብ አፕሪል 30 ይነሳል ተብሏል። ትራንዚተሩ «እትዬ፣ ያው አፕሪል ውስጥ ነው፣ ምንም አልሆነም» አላቸው። በወረቀት እውነት ነው። ነገር ግን የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ ነው የቀረው፣ የጂቡቲ መርከብ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ማንም አይደነቅም።

አሁን የገንዘቡ ጉዳይ የሚመጣበት ቦታ ደረስን። በቡና ውል ውስጥ «የአፕሪል ጭነት» ማለት ቡናው አፕሪል ውስጥ ወደብ ደረሰ ማለት አይደለም። ለመጫኛ ቀን ማስረጃው ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ ያለው ቀን ነው። ኮንቴይነሩ አፕሪል 21 በር ገብቶ ሜይ 2 መርከብ ላይ ከወጣ፣ በገዢው ዓይን የሜይ ጭነት ነው። ዘግይቷል። የዘገየ ጭነት ደግሞ ለገዢው በር ይከፍታል፦ ወይ «አልቀበልም» ይላል፣ ወይ «ቀንስልኝ» ይላል።

የትኛውን እንደሚመርጥ የሚነግራችሁ ገበያው ነው። ውል ከተያዘበት ቀን በኋላ የኒውዮርክ ዋጋ ከወጣ፣ ገዢው በርካሽ የገዛው ቡና ነውና መዘግየቱን ረስቶ «ብቻ ላኩልኝ» ይላል። ከወረደ ግን ቀኑን በአጉሊ መነጽር ያየዋል። ዋጋው ምን ያህል ሊንሸራተት እንደሚችል ሁላችንም አይተናል። በየካቲት 2017 የኒውዮርክ አረቢካ ፓውንዱ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር፣ ሐምሌ 2017 ሲገባ ከ3 ዶላር በታች ወርዶ ታይቷል። አምስት ወር አልሞላም።

በአንድ ኮንቴይነር ላይ ሲሰላ እንዲህ ነው። 19.2 ቶን ወደ 42,300 ፓውንድ ነው። ስለዚህ በፓውንድ 10 ሳንቲም ቅናሽ ማለት ከአንድ ኮንቴይነር 4,200 ዶላር ማለት ነው። በዚህ ዘመን 10 ሳንቲም ገበያው በአንድ ቀን የሚሄደው መንገድ ነው። የሚዛን ወረቀት በፎቶ አለመላክ ያን ያህል ሊያስከፍል ይችላል።

ላኪዋ ምን አደረጉ? መልሱ የመጣ ዕለት፣ አፕሪል 26፣ ለገዢው ጻፉ። ኮንቴይነሩ ወደብ የገባበትን ቀን፣ አሁን ያለበትን መርከብ ስምና የሚነሳበትን ቀን ገለጹ፣ የመጫኛ ጊዜው በዋጋና በሌላው ነገር ላይ ለውጥ ሳይደረግ እስከ ሜይ 10 እንዲራዘም ጠየቁ። ገዢው አፕሪል 28 «እሺ» ብሎ በጽሑፍ መለሰ። መርከቡ የተነሳው ሜይ 2 ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉም ሜይ 2 ተቆረጠ። በዚያው ሳምንት ገበያው ወረደ። ገዢው ግን ፈርሞ ጨርሷል።

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው አንድ ነው። የመጫኛ ጊዜው ሳያልፍ የሚጠየቅ ማራዘሚያ ትብብር ነው፣ ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ግን ምሕረት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አራት ቀን ነበር፣ እነዚያን አራት ቀናት ያስገኙት ደግሞ አምስት ጥያቄዎች ናቸው። «ወደብ ላይ ነው» ብለው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ነገሩን የሚያውቁት ሜይ ላይ ከገዢው ኢሜይል ነበር።

ሰነድ ሳይጎድል መርከቡ ራሱ የተዋቸው ቢሆንስ? ያኔም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፣ የሚጠቅሙበት ግን ለሌላ ነገር ነው። ኤፍኦቢ ስንሸጥ የመርከብ ኪራዩን የሚከፍለው ገዢው ነው፣ ብዙ ጊዜም የትኛው የመርከብ ድርጅት እንደሚጭን የሚመርጠው እሱ ነው። እናንተ በሰዓቱ በር አስገብታችሁ፣ መረጃውን በሰዓቱ ልካችሁ፣ ገዢው የመረጠው መርከብ ካላነሳው፣ ክርክሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ግን ልታስረዱ የምትችሉት በር የገባበት ወረቀትና መረጃው የተላከበት ሰዓት በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው። የተርሚናል የመቆያ ሒሳብም እንዲሁ ነው። ነጻው ቀን ካለፈ በየቀኑ ይቆጠራል፣ መዘግየቱ የመርከብ ድርጅቱ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ ከሌላችሁ ሒሳቡ በእናንተ ስም ነው የሚመጣው። «ሮል ተደርጓል» ብሎ በስልክ የነገራችሁን ሰው የድርጅቱን ማስታወቂያ እንዲያስተላልፍላችሁ ጠይቁት። ጭነቱ ከተገፋ ድርጅቱ ለቡኪንጉ ባለቤት የላከው መልእክት አይጠፋም።

ይህ ሦስተኛው ዓይነት መዘግየት ከኅዳር 2016 ወዲህ ለሁላችንም እንግዳ አልሆነም። ሁቲዎች ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መያዝና ማጥቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ባብ ኤል መንደብን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ጂቡቲ ደግሞ በሩ ላይ ነው የተቀመጠው። የጉዞ ጊዜው ረዘመ፣ የመርከብ ፕሮግራም ተዛባ። ከዚያ ወዲህ «ቀይ ባሕር ነው» የሚል መልስ ለሁሉም ነገር መሸፈኛ ሆነ። እውነት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን የሚዛን ወረቀት ሹፌር ኪስ ውስጥ መቅረቱ የቀይ ባሕር ጉዳይ አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፦ መረጃው የተላከው ከመዝጊያው በፊት ነው ወይስ በኋላ?

መልሱንስ በምን እናረጋግጣለን? የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው። አራተኛው ፊደል ለጭነት ኮንቴይነር ሁልጊዜ U ነው። የመጨረሻው አኃዝ ደግሞ ከፊቱ ካሉት በስሌት የሚወጣ ማረጋገጫ ነው፣ ስለዚህ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ከተጻፈ የመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበለውም። ትክክለኛውን ቁጥር በዚያ ድርጅት መከታተያ ላይ አስገቡ። በር ከገባ Gate in የሚል መስመር ከቀንና ሰዓት ጋር ይታያል፣ መርከብ ላይ ከወጣ Loaded የሚል ይጨመራል። አጻጻፉ ከድርጅት ድርጅት ትንሽ ይለያያል። የምትፈልጉት የተፈጸመውን ነገር ነው፣ የሚጠበቀውን አይደለም። ገጹ ወደፊት የሚሆነውን የመርከብ ቀንም ያሳያል፣ እሱ ግምት ነው፣ ነገ ይቀየራል። Gate in የሚለው ግን ከተጻፈ በኋላ አይቀየርም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ገጹ አንዳንዴ አንድ ቀን ወደኋላ ይቀራል። ትራንዚተሩ «ዛሬ ጠዋት ገባ» ብሎ ገጹ ላይ ካጣችሁት ወዲያው ውሸታም አትበሉት። በማግስቱም ከሌለ ግን የበር ወረቀቱን ጠይቁ።

የቡናው ጤናም አለ። የጂቡቲ የበጋ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቡና ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ መልሶ ጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ሆኖ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የኮንቴይነሩ ግድግዳ በወረቀት ከተሸፈነና እርጥበት መምጠጫ ከተሰቀለ አንድ ሳምንት ብዙ አያስፈራም። ሦስትና አራት ሳምንት ከሆነ ግን ለገዢው ሳትነግሩት አትቅሩ። በአፍንጫው ከሚያውቀው ከእናንተ ቢሰማው ይሻላል።

አሁን ስለ ትራንዚተሮቹ ትንሽ ልናገር፣ እነሱም ይህን ቻናል ያነቡታል። «ደንበኛ በቀን አሥር ጊዜ ይደውላል፣ ለሁሉ ዝርዝር እየተናገርን መቼ እንሥራ?» ይላሉ። አልተሳሳቱም። አንድ ቢሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ኮንቴይነር ይዞ ይሠራል፣ «የት ደረሰ?» የሚል ስልክ ሥራውን አያፋጥንለትም። ግን አሥር ጊዜ የሚደወለው ለምን ይመስላችኋል? የመጀመሪያው መልስ ባዶ ስለነበረ ነው። አምስቱን ነገር በአንድ መልእክት በጽሑፍ የላከ ትራንዚተር ለሦስት ቀን ስልኩ አይጮህም። እኛም ከእኛ በኩል ሥርዓት ይኑረን። ጠዋት አንድ መልእክት፣ የኮንቴይነሩን ቁጥር ከላይ ጽፈን፣ አምስቱን ጥያቄ በአንድ ላይ። አምስት ሰው ስለ አንድ ጭነት ተራ በተራ መደወል ይቅር፣ አንድ ሰው ይጠይቅና ለሌሎቹ ያሳውቅ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን እኛ ደላሎች የምናወራው ወሬ ነው። ብዙው ላኪ ገንዘቡን የሚያገኘው ሰነዱ ባንክ ከቀረበ በኋላ ነው፣ ሰነዱ ደግሞ ያለ ቢል ኦፍ ሌዲንግ አይሟላም። በዱቤ ያስረከበ አቅራቢ የሚጠብቀው ያንን ወረቀት ነው። ስለዚህ «ወደብ ላይ ነው» ስንለው «ገንዘብህ መንገድ ላይ ነው» ማለታችን ይመስለዋል። በዚያ ተማምኖ ሌላ ቡና ይገዛል፣ ለሌላ ሰው ቃል ይገባል። ኮንቴይነሩ ሰነድ ጎድሎት የቆመ ከሆነ ግን ያን ሰው በባዶ ተስፋ ነው ያሰማራነው።

ተቃራኒውም አለ። አንድ ኮንቴይነር ሲቆም «ጂቡቲ ተዘጋ» የሚል ወሬ በአንድ ቀን ገበያውን ያዳርሳል። ያን የሰማ ሰብሳቢ ከገበሬው የሚገዛበትን ዋጋ በዚያው ዕለት ይቀንሳል። እውነቱ አንድ የሚዛን ወረቀት ሆኖ ሳለ ቅናሹ በገበሬው ላይ ያርፋል። የእህልና የቅባት እህል ወዳጆቼም ታውቁታላችሁ፣ ሰሊጥ ላይም ተመሳሳይ ጨዋታ አለ።

ስለዚህ በዚህ ቻናል የኮሜንት ሳጥን ውስጥ «ወደብ ተጨናንቋል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ሦስት ነገር እንዲጨምርልን እጠይቃለሁ፦ ኮንቴይነሩ በር የገባው መቼ ነው፣ ሰነዱ ከመዝጊያው በፊት ገብቷል ወይ፣ ስንት መርከብ አልፎታል። ቁጥሩንና የባለቤቱን ስም ለራሳችሁ ያዙት፣ አያስፈልገንም። እነዚያ ሦስቱ ከሌሉ የጻፋችሁት የዋጋ መረጃ አይደለም፣ የዋጋ ማውረጃ ነው።

ነገ ጠዋት የሰኞውን ዋጋ ይዤ እመለሳለሁ። ኮንቴይነር ጂቡቲ ያላችሁ እስከዚያው መልእክቷን ላኩ፣ የመጣላችሁን መልስ ደግሞ ከአራቱ በየትኛው ቦታ እንደሚያስቀምጣችሁ አይታችሁ ጻፉልን። መልካም ገበያ።